ለአስተርጓሚ የሚጻፍ ምስጋና

ጉባኤ ሲጠናቀቅ ምስጋና ለክብር እንግዶች፣ ለገንዘብ ደጋፊዎችና ለአዘጋጆች ይቀርባል። በአዳራሹ ጥግ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲናገሩ የዋሉት አስተርጓሚዎች ግን ወረቀታቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። በማግስቱ አንድ ሰው ያስታውሳቸውና «ለግሩም ሥራችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ይልክላቸዋል። መልእክቱ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ለምግብ አቅራቢውም ሊላክ ይችላል። ለአስተርጓሚ የሚጻፍ ምስጋና የሚሞቀው የሠራችውን ነገር ለይቶ ሲጠራ ነው። ለይቶ ለመጥራት ደግሞ በዚያች ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚካሄድ የሁለት ቀን ስብሰባ አለ እንበል። አንድ ተወካይ በአማርኛ፣ «በአንቀጽ አራት የተዘረዘሩትን የክፍያ ግዴታዎች በዚህ ዓመት አንቀበልም» ይላል። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ይመጣልና ሰውየው ይስማማ ወይም ይቃወም እንደሆነ የሚለየው በመጨረሻዋ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሱንም «አይሆንም» ማለቱንም አስቀድሞ ይፈልጋል። ስለዚህ አስተርጓሚዋ የሰማችውን ሁሉ በልቧ ይዛ ማሰሪያውን ትጠብቃለች። እሷ መናገር ስትጀምር ተናጋሪው ወደ ሌላ ሐሳብ ተሻግሯል፤ ስለዚህ አዲሱን እየሰማች ያለፈውን ትናገራለች።

የፈረንሳይኛው አስተርጓሚ አማርኛ ካልቻለ የሚያዳምጠው ተወካዩን ሳይሆን እሷን ነው። ከእንግሊዝኛዋ ተቀብሎ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሳል። ስለዚህ «አንቀበልም» የሚለው ካመለጣት ስህተቱ በሁለት ቋንቋ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። የጎደለ ቃል ከዐውዱ ሊገመት ይችላል፤ ቁጥር ግን አይገመትም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ተወካዩ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ሲል ለእንግሊዝኛ አድማጭ ዘጠኝ ሰዓት መባል አለበት። «በጥቅምት 2010 ዓ.ም.» ሲል ዓመቱ በውጭው አቆጣጠር 2017 ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ንግግሩ ሳይቆም ነው። ለዚህም ነው አስተርጓሚዎች ጥንድ ሆነው የሚቀመጡትና ግማሽ ሰዓት ገደማ እየሠሩ የሚቀያየሩት። ማይክሮፎኑን የለቀቀው ባልደረባ አያርፍም፤ ቁጥሮችንና ስሞችን በወረቀት ጽፎ ለምትናገረው ያቀርብላታል።

አዘጋጁ ይህን ካስተዋለ ምስጋናው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የክፍያ ግዴታዎቹ ሲነሡ የተወካያችን ተቃውሞ በትክክል ስለተላለፈ ድርድሩ ሳይደናገር ቀጥሏል። ቀኖቹንና ሰዓቶቹን ወደ ውጭው አቆጣጠር እየቀየሩ ስላቀረቡልን ከእንግዶቹ አንድም ሰው በሰዓት አልተሳሳተም። አጠገብዎ ሆነው ቁጥር ሲጽፉ ለዋሉት ባልደረባዎም ይኸው ምስጋና ይድረስልን። የመዝጊያው ንግግር ጽሑፍ አስቀድሞ ሳይደርሳችሁ በፍጥነት መነበቡ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወደፊት ጽሑፉን ከሁለት ቀን በፊት እንልካለን።»

ይህ ደብዳቤ አንድ የተወሰነ ጊዜን ይጠራል፤ ምስጋናውም ለጥንዱ ነው። ጥፋትንም በቦታው ያስቀምጣል። የተጻፈ ንግግር ከጭውውት ይልቅ ይፈጥናል፤ አንባቢው ቃል ለመፈለግ ቆም አይልምና። ጽሑፉ በእጃቸው ካልገባ አስተርጓሚዎች ይቸገራሉ። ምልክቱም በማዳመጫው ይሰማል፤ ዝምታው ይረዝማል፣ አረፍተ ነገር ሳያልቅ ይቀራል። ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በተጀመረው የኑረምበርግ ችሎት በአራት ቋንቋዎች ሲተረጎም ተናጋሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ቢጫ፣ እንዲያቆም ቀይ መብራት ይበራለት ነበር።

ጥንቃቄ የሚሻም ነገር አለ። አስተርጓሚ የሰማችውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባትና ከላይ ያለው ዓይነት ደብዳቤ ለእሷ ብቻ ይላክ። ዝግ ስብሰባ ከነበረ ደግሞ የተባለውን ሳይጠቅሱ «የሁለተኛውን ቀን ከሰዓት» ማለት ይበቃል። ለቀጠራት ድርጅትም ሌላ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ነው፤ በቀጣዩ ጉባኤ እንድትጠራ ይረዳታል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጉባኤ ካዘጋጁ በስብሰባው መካከል ጥቂት ደቂቃ ማዳመጫውን በጆሮዎ ያድርጉና ያስተዋሉትን አንድ ነገር በማስታወሻ ይያዙ። ሳይውል ሳያድር ያችኑ ነገር ጠርተው ይጻፉላቸው። በደብዳቤው ቃል የገቡትን ጽሑፍም በቀኑ ይላኩ።