ፀጉር ሠሪዋ አልጋ ላይ ስትውል

ጥር ለአዲስ አበባ የሴቶች ፀጉር ቤቶች የጥድፊያ ወር ነው። ጥምቀት በ11 ይውላል፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ጾሙ ከገባ የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር ሁሉም በዚያች አጭር ጊዜ ይሽቀዳደማል። በዚህ መሐል ፀጉር ሠሪዋ ዓርብ ማታ ትኩሳት ይዟት ብትተኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሯ ላይ ሊቀመጡ ላሰቡት ሁሉ መልእክት መድረስ አለበት። መልእክቱ ብዙ ጊዜ በድንጋጤ ይጻፋል። «ይቅርታ፣ ነገ ቀጠሮ የለም» ተብሎ ይላክና የባለቤቷ ስልክ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮኽ ያመሻል።

የሚደውሉት ሴቶች ሁሉ የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ታዲያ መቼ ልምጣ? የከፈልኩት ቀብድስ? ሌላ ሠሪ የላችሁም? እነዚህ ሦስቱ መልእክቱ ውስጥ ቢመለሱ ኖሮ አብዛኞቹ ባልደወሉ ነበር።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። ዓርብ ጥር 15 ማታ ነው። በማግሥቱ ጠዋት አራት ደንበኞች ተቀጥረዋል እንበል። አንዷ እሑድ ለሚሆን ሠርግ ሚዜ ናት። ሁለተኛዋ ሪላክሰር የምትደግም ናት። ሦስተኛዋ ለዚሁ ቀጠሮ ብላ የተሰፋውን ተጨማሪ ፀጉሯን ቤቷ ፈትታ ጨርሳለች። አራተኛዋ ለጥምቀትና ለዘመድ ሠርግ ከውጭ የመጣች፣ ሹሩባ የምትሠራ እንግዳ ናት። ለአራቱም አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ቀላል ነው፤ ስህተቱም እዚያው ይጀምራል።

ሚዜዋ ቀን መቀየር አትችልም፤ ሠርጉ እሑድ ነው። «ማክሰኞ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ለእሷ ሹፈት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፤ ሲደወልም ሌላ አማራጭ በእጅ ተይዞ ነው። እዚያው ቤት ሌላ የምትሠራ ልጅ ካለች እሷ ትጠቀሳለች፤ ከሌለች ጎረቤት ያለ ፀጉር ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር እንዳለው ቀድሞ ይጠየቃል። ደንበኛዋ ግን እሺ ሳትል በሌላ እጅ መተካት አይገባም። ብዙዋ ሴት የምትመጣው ለቤቱ ሳይሆን ለእጇ ነው፤ «ለእገሊት ነው የተቀጠርኩት» ትላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1740 ሥራው በማን እንደሚሠራ ለአሠሪው አስፈላጊ ከሆነ ወይም ግልጽ ስምምነት ካለ ባለዕዳው ራሱ እንዲፈጽመው ይላል። ጠዋት መጥታ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ የማታውቀው እጅ ፀጉሯን ሲይዘው የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ከስረዛው ይከፋል።

ሪላክሰር የምትደግመዋ ብዙ ትታገሣለች። ድግሙ በተለምዶ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህ ሦስትና አራት ቀን ቢዘገይ አዲስ የበቀለው ሥር ጥቂት ይጨምራል እንጂ ጉዳት የለውም። ለእሷ ግን ሌላ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል። ኬሚካሉ የራስ ቆዳ እንዳያቃጥል ከቀኑ በፊት ፀጉርን አለመታጠብና ቆዳውን አለማከክ ይመከራል፤ ቀጠሮው ሲዛወር ያም ጥንቃቄ አብሮ ይዛወራል። አንዲት ሴት ስረዛውን ሰምታ ሰኞ ማታ ፀጉሯን ታጥባ፣ ቆዳዋን በማበጠሪያ ፈትጋ ማክሰኞ ብትመጣ፣ ጥሩ ሠሪ ራሷን አይታ መመለስ ይኖርባታል። «እስከዚያ አይታጠቡ» የምትል አጭር መሥመር ሁለተኛ ስረዛ ታስቀራለች።

ሦስተኛዋ ቀን ለመቀየር ባትቸገርም ስፌቷን ፈትታ ለአራት ቀን እንደዚያ ሥራ መግባት አትፈልግም። ለእሷ ወደ ማታ አካባቢ አንዲት የረዳት ልጅ እጅ ትበቃት ይሆናል፤ ታጥቦ፣ በፎን ደርቆ፣ እስከ ቀጠሮዋ ይያዝላታል። ይህን ማቅረብ ለቤቱ ብዙም አይከብደውም። ከውጭ የመጣችዋ ደግሞ የምትመለስበት ቀን አላት፤ ቀኑ ሳይጠየቅ አዲስ ቀጠሮ መስጠት ከንቱ ነው። ለእሷ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ሰዓቱ። «3 ሰዓት» ስትባል በለመደችው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ልትረዳው ትችላለች፤ በእኛ ግን ጠዋት ነው። «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል የግድ ነው።

ቀን ማቅረብ ላይ የሚሠራው ስህተት «የሚመችዎትን ቀን ይንገሩን» ማለት ነው። ጨዋነት ይመስላል፤ ሥራውን ግን ለደንበኛዋ ይጥልባታል። ሐሙስ ትላለች፣ ሐሙስ ሞልቷል ይባላል፤ ዓርብ ትላለች፣ እንደገና ይጠየቃል። ሁለት ቀን ከነሰዓቱ ቀርቦላት አንዱን ብትመርጥ በአንድ መልስ ያልቃል። የቀኑ አመራረጥም ከአገሩ አቆጣጠር ጋር ይሂድ። በዚህ ምሳሌ ሐሙስ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ያን ቀን ጠዋት ብዙ ሴት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ወይም ከዋዜማው መሠራት ትፈልጋለች። ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላሉ። ለታመመችዋም ቢያንስ ሦስት ቀን ዕረፍት ይተርፋታል። ሰኞን ማቅረብ ግን ከበሽታ ጋር መወራረድ ነው።

የቀረው ቀብዱ ነው፤ ብዙ ቤቶች ዝም የሚሉትም እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፤ አንቀጽ 1885 ነው። ስለዚህ 500 ብር ተቀብሎ ያለ በቂ ምክንያት «አልሠራም» ያለ ቤት 1,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል። ሕመም ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 1793 የባለዕዳውን ያልተጠበቀ ከባድ ሕመም ከዐቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ጋር ይቆጥረዋል። ሁለት ቃላት ልብ ይሏል፤ ያልተጠበቀ፣ ከባድ። ጉንፋን ይዟት ስትሠራ ቆይታ ቅዳሜ የቀረች ሠሪ ከዚህ ውስጥ መግባቷ ያከራክራል። ተዋዋዩ ቤቱ ሆኖ የታመመችው ተቀጣሪዋ ስትሆንም ጉዳዩ ይበልጥ ያከራክራል፤ ባለቤቷ ሌላ ሠሪ ማቅረብ ትችል ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣልና።

ለ500 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ ማንም የለም። ሕጉን ያነሳሁት ለመልእክቱ አጻጻፍ ስለሚጠቅም ነው። «ቀጠሮዎ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል» ብሎ መጻፍ ባልተስማማችበት ቀን ማሰር ነው። «ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ?» ተብላ አንዱን ከመረጠች ግን ውሉ በስምምነት ቀጠለ ማለት ነው፤ ቀብዱም አብሮ ይሄዳል። ካልመረጠች ገንዘቧ ሳትጠይቅ ይመለስላት። «አስታውሺና ጠይቂን» የሚል ቤት ገንዘቡን ሊያስቀር ያሰበ ነው ብዬ ነው የምገምተው፤ ደንበኛዋም እንዲሁ ትገምታለች።

እንግዲህ ሪላክሰር ለምትደግመዋ የሚላከው እንዲህ ቢሆን ይበቃል።

«እንደምን አመሹ። ፀጉር ሠሪያችን በድንገት ስለታመመች የነገው፣ የቅዳሜ ጥር 16 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮዎ ተሰርዟል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማክሰኞ ጥር 19 ወይም ረቡዕ ጥር 20 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቦታ ይዘንልዎታል። እስከ ነገ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚመችዎትን ይላኩልን። እስከዚያ ፀጉርዎን አይታጠቡ። የከፈሉት 500 ብር ቀብድ ለአዲሱ ቀን ያገለግላል፤ መቀየር ካልፈለጉ ወዲያው በቴሌብር እንመልሳለን።»

የበሽታው ስም የለበትም። ደንበኞች «ምን ነካት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሊጠይቋት ቤቷ ልሂድ የሚሉም አይጠፉም። «ትንሽ አሟት ተኝታለች፣ እግዜር ይማርሽ ብለዋታል እላታለሁ» ብሎ መመለስ በቂ ነው። ታይፎይድ ይሁን እርግዝና፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ከዚያም በላይ «በጣም ታማለች፣ ሆስፒታል ናት» እያሉ አጋንኖ ማስተዛዘን ማክሰኞ ጠዋት ቆማ ስትሠራ ለሚያያት ሰው ያስቃል።

መልሱ የሚጠበቅበት ሰዓት የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ቀን ለአንዲት ደንበኛ ተይዞ ካልተለቀቀ፣ በዚያ ጥድፊያ አንዱ ወንበር ባዶ ያድራል። እስከ ምሽት 12 ሰዓት ካልመለሰች አንድ ጊዜ ተደውሎ ይጠየቃል፤ ካልተነሳ ቦታው ይለቀቃል፣ ብሩ ይመለሳል።

በቴሌግራም ከሆነ ርዝመቱ ችግር የለውም። ኢንተርኔት ለማትከፍት ደንበኛ በተራ የስልክ መልእክት ሲላክ ግን የማይታይ ገደብ አለ። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደላችን በስልኩ ውስጥ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ይይዛል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ከሦስት ቁራጭ በላይ ሆኖ ይሄዳል፤ ሒሳቡም በቁራጭ ነው። እንዲያጥር ከተፈለገ እንዲህ ይሆናል፤ «ፀጉር ሠሪያችን ታማለች፤ የነገው ቀጠሮ ቀርቷል። ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት?» ለቤቱ ስም የሚሆን ቦታም ይተርፋል። ስሙ ካልተጻፈ፣ ቁጥሩን ያልመዘገበች ሴት ማን እንደላከው አታውቅም። የቀብዱንና ያለመታጠቡን ነገር ስትመልስ በስልክ ትነገራለች።

ማክሰኞም ሠሪዋ ካልተነሳችስ? ያኔ ሦስተኛ ቀን አይቀርብም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁኔታዋ ተጠይቆ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ማታውኑ ይደወላል፤ ብሩ በዚያው ምሽት ይላካል፤ ሌላ ጥሩ ፀጉር ቤት ይጠቆማል። ደንበኛዋ ወደዚያ ሄዳ እንዳትቀር የሚፈሩ ባለቤቶች አሉ። ሁለት ጊዜ ተሰርዞባት ወንበር ፍለጋ ብቻዋን ከተንከራተተች ግን መቅረቷ ይበልጥ የታወቀ ነው።