የቤት ውስጥ ተክልን ቅጠል ከጫፉ የሚያሳርረው ምንድን ነው?

መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ተክል ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ጫፉ ብቻ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ሲነኩትም ተሰባብሮ ሲረግፍ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አየሩን ነው። «ቤቱ ደረቅ ስለሆነ ነው» ይባልና ጠዋት ማታ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይረጫል። ሳምንታት ያልፋሉ፤ ማረሩ ግን አይቆምም። በእኔ እምነት ደረቅ አየር ከድርሻው በላይ ይወቀሳል። ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው መትከያው ውስጥ በተጠራቀመ ጨው ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ከቧንቧው በሚመጣው ውሃ።

ጉዳቱ ለምን ከጫፍ እንደሚጀምር ከተረዳን ምክንያቱን መለየት ይቀላል። ተክል በሥሩ የሳበው ውሃ በግንዱ አልፎ ወደ ቅጠሉ ይወጣና ከዚያ ይተናል። የሚተነው ግን ንጹሑ ውሃ ብቻ ነው። አብሮት የሟሟው ማዕድን መውጫ ስለሌለው የውሃው ጉዞ በሚያበቃበት በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ላይ ይቀራል። ውሃ ደጋግመው ያፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነገር እንደሚጋገርበት ማለት ነው። ክምችቱ ጫፉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ከሚችሉት በላይ ሲሆን ይሞታሉ፤ የሞተው ክፍልም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

አንድ ተክል በዓመት ምን ያህል ጨው እንደሚጠጣ እናስላ። ስፓይደር ፕላንት የሚባለውን፣ ቀጭንና ረጅም ቅጠሉ መሐል ለመሐል ነጭ መስመር ያለውን፣ ልጆቹን በቀጭን ዘንግ ወደ ውጭ የሚያንጠለጥለውን ተክል እንውሰድ። ሦስት ሊትር አፈር በሚይዝ መትከያ ውስጥ ሆኖ በሳምንት ግማሽ ሊትር የቧንቧ ውሃ ቢጠጣ በዓመት 26 ሊትር ይሆናል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 500 ሚሊግራም ማዕድን ቢኖር (የጉድጓድ ውሃ እዚህ ለመድረስ አይቸገርም) በዓመቱ መጨረሻ 13 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው አፈሩ ውስጥ ገብቷል። ማዳበሪያ ከተጨመረበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ውሃው ከታች በቀዳዳው ፈስሶ የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም ፈስሶ ሳህኑ ላይ የቀረውን ተክሉ መልሶ ከሳበው፣ ያ ሁሉ ጨው እዚያው ነው።

እንዲህ ያለው ክምችት ምልክት ይሰጣል። የአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቅርፊት ይታያል፤ መትከያው ሸክላ ከሆነም ውጪው ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲያጠራቅሙ የቆዩት እነሱ ናቸውና። በቡናማውና በአረንጓዴው መካከልም ብዙውን ጊዜ ቀጭን ቢጫ መስመር ይኖራል። መፍትሔው አፈሩን ማጠብ ነው። ለሦስት ሊትር መትከያ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ቀስ እያሉ ከላይ ማፍሰስና በታች እንዲወጣ ማድረግ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውንም መድፋት። ነጩን ቅርፊት ከማጠብ በፊት በማንኪያ ጠርጎ ማንሳት ይጠቅማል። ይህን በየሦስት ወይም አራት ወሩ መድገም ይበቃል፤ ቀዳዳ የሌለው መትከያ ግን ሊታጠብ ስለማይችል መቀየር አለበት።

ደረቅ አየር የራሱ አሻራ አለው። ቅጠላቸው ስስ የሆኑትን፣ እንደ ፈርንና ካላቲያ ያሉትን፣ በእርግጥ ይጎዳል፤ ያኔ ግን አዳዲሶቹ ቅጠሎችም አብረው ይደርቃሉ፣ ችግሩም በበጋ ከፍቶ ክረምት ሲገባ ይቀንሳል። በእጅ የሚረጨው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ የክፍሉን እርጥበት አይለውጠውም። የቧንቧው ውሃ ማዕድን ከበዛበት እንዲያውም ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ተክሎቹን አቀራርቦ ማስቀመጥና አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ ማጠጣት የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ለእኛ አገር በተለይ ቅርብ ነው። ስፓይደር ፕላንትና ቅጠሉ የበቆሎ የሚመስለው ድራሴና ለፍሎራይድ እጅግ ስስ ናቸው። ፍሎራይድ ደግሞ በስምጥ ሸለቋችን የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በብዛት ይገኛል። የእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በውሃው እየሟሟ ይወጣል፤ በርካታ ጉድጓዶችም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ገደብ፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋሉ። በአካባቢው ያደጉ ብዙ ሰዎችን ጥርስ ያጠየመው ይኸው ነው። ለእነዚህ ተክሎች ግን ለሰው ከተፈቀደው ያነሰ መጠንም ቅጠል ሊያሳርር ይችላል። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችንም ይህ ይመለከታቸዋል፤ እዚያ በብዙ ከተሞች ለጥርስ ጤና ሲባል ፍሎራይድ የቧንቧ ውሃ ላይ ይጨመራል፣ የሚመከረው መጠንም በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። የክረምት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ሁለቱ ምክንያቶች እዚያ በቀላሉ ይምታታሉ።

የፍሎራይድ ልዩ ምልክቱ ተክል መምረጡ ነው። እዚያው መስኮት ላይ፣ ያንኑ ውሃ እየጠጡ፣ መኒ ፕላንቱና የጎማ ዛፉ ደህና ሆነው ድራሴናውና ስፓይደር ፕላንቱ ብቻ ከጫፋቸው ካረሩ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ያመራል። «ውሃውን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ሲያድር በኖ የሚሄደው ክሎሪን ነው፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ባለው መጠን ደግሞ ክሎሪን ቅጠል ሲያሳርር ብዙም አይታይም። ፍሎራይድ አይተንም። ማፍላት እንዲያውም ውሃውን ቀንሶ እሱን ያበዛዋል።

ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ስፓይደር ፕላንት ካንጠለጠላቸው ልጆች መካከል እኩያ የሆኑ ሁለቱን ቆርጣችሁ በአንድ ዓይነት አፈርና በእኩል መትከያ ትከሉ፤ አንድ መስኮት ላይም አስቀምጧቸው። አንዱን የቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን የዝናብ ውሃ አጠጡ። የዝናብ ውሃ ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ካጠበ በኋላ የሚወርደውን በጄሪካን አጠራቅሞ ክዳኑን መግጠም ነው። ሦስት ወር ያህል ጠብቁ። የቧንቧ ውሃ የጠጣው ብቻ ካረረ ምክንያቱ ውሃው ነው። ሁለቱም ካረሩ አየሩን፣ የአጠጣጥ ልማዳችሁንና የአፈሩን ዓይነት መርምሩ። በነባሩ ተክል ላይ ያረረው ጫፍ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ በመቀስ ሲቆረጥ ሕያው ክፍሉን ላለማቁሰል ጥቂት ቡናማ ማስቀረት ይገባል። የለውጡ ማስረጃ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ናቸው።

ይህ ሙከራ ውሃው ለተክሉ እንዳልተስማማው ያሳያል እንጂ የፍሎራይዱን መጠን አይነግርም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነና ቤት ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ፣ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ነውና፣ የምትጠጡትን ውሃ የፍሎራይድ መጠን አስመርምሩ።