ከ299,000 ብር ሒሳብ ለአቅራቢው የሚደርሰው 291,200

መርካቶ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ የቢሮ ዕቃ አቅራቢ ለአንድ ድርጅት 40 ወንበሮች ሸጠ እንበል። አንዱ ወንበር 6,500 ብር፣ በድምሩ 260,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 39,000 ብር ሲታከል በደረሰኙ ግርጌ 299,000 ብር ይጻፋል። ዕቃው ተራገፈ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛው ቆጥሮ ተረከበ፣ የክፍያ ሰነዱም ተፈረመ። ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ግን በአቅራቢው ስልክ ላይ የመጣው መልእክት የሚያሳየው 291,200 ብር ነው።

የጎደለው 7,800 ብር ነው። ለንግዱ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገንዘብ ያዡን ነው። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ገዢው ከዕቃው ዋጋ ላይ 3 በመቶ ቀንሶ ያስቀረው በሕግ ታዝዞ ሲሆን፣ ገንዘቡንም ለገቢዎች ያስተላልፋል። በነጋዴው ዘንድ «ዊዝሆልዲንግ» እየተባለ የሚጠራው ተቀናሽ ግብር ይህ ነው።

ደንቡ አዲስ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ውስጥ ነበረ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979ም በአንቀጽ 92 ይዞት ቀጠለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምጣኔው 2 በመቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 በተደረገው ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ አለ። ተቀናሹ የሚጀምርበት የዕቃ ግዥ መጠንም ከ10,000 ብር ወደ 20,000 ብር አደገ። ስለዚህ ከ20,000 ብር በታች የሆነች አነስተኛ ግዥ ሳይቀነስባት ትከፈላለች፤ ከዚያ በላይ የሆነው ግን ገዢው ድርጅት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ከሆነ ይቀነስበታል። ለቤቱ ሶፋ የሚገዛ ግለሰብ የመቀነስ ግዴታ የለበትም።

ብዙ አቅራቢዎች የሚሳሳቱት የ20,000 ብሩን ወሰን በየደረሰኙ ብቻ ሲለኩት ነው። ሕጉ የሚያየው አንድን ግብይት ወይም አንድን የአቅርቦት ውል ነው። አንድ አቅራቢ በየወሩ የ15,000 ብር ወረቀት ለዓመት ለማቅረብ ውል ቢፈርም፣ ውሉ የ180,000 ብር ስለሆነ ከእያንዳንዱ የ15,000 ብር ክፍያ ላይ 450 ብር ይቀነሳል። ከተቀናሹ ለማምለጥ ሲባል አንዱን ግዥ በ19,000፣ በ19,000 ብር እየቆራረጡ ደረሰኝ መቁረጥም ገዢንም ሻጭንም የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ኦዲተር የሦስት ተከታታይ ቀን ደረሰኞችን ጎን ለጎን ሲዘረጋ ነገሩ ወዲያው ይታየዋል።

ወደ ወንበሮቹ እንመለስ። 3 በመቶው የሚሰላው ከ260,000 ብር ነው እንጂ ከ299,000 ብር አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 39,000 ብሩ ታክስ የነጋዴው ገቢ ስላልሆነ የገቢ ግብር ሊያዝበት አይችልም። አንዳንድ ሒሳብ ሠራተኞች ግን ከደረሰኙ ግርጌ ያለውን ድምር ወስደው በ3 በመቶ ያባዙታል። እንዲህ ሲደረግ ተቀናሹ 8,970 ብር ይሆናል፤ አቅራቢው 1,170 ብር ያለአግባብ ይያዝበታል። ይህን ለማወቅ አቅራቢው የተቀነሰበትን ብር ለ0.03 ያካፍል። ውጤቱ 260,000 ከመጣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ 299,000 ከመጣ ደግሞ ተሳስቷል።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው ፕሮፎርማው «ቫትን ጨምሮ 299,000 ብር» ብሎ ጠቅላላውን ዋጋ ብቻ ሲጽፍ ነው። መነሻ ዋጋውን ለማግኘት ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ የሚቀንሱ አሉ፤ 254,150 ብር ይመጣላቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ያኔ 260,000 ይገኛል። ይህን ጣጣ ከምንጩ ለማድረቅ አቅራቢው ፕሮፎርማ ሲሰጥ የዕቃውን ዋጋ፣ ታክሱንና ድምሩን በሦስት መስመር ለይቶ ቢጽፍ ይበጀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚያ 7,800 ብር የት ሄዱ? ቅጣት አይደሉም፣ ተጨማሪ ግብርም አይደሉም። አቅራቢው በዓመቱ መጨረሻ ሊከፍለው ከሚገባው የገቢ ግብር ላይ አስቀድሞ የተሰበሰቡ የራሱ ገንዘብ ናቸው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ ገንዘቡን «ተበላሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

አቅራቢው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው እንበልና ሒሳቡን እንከተለው። ወንበሮቹን ከአስመጪ የገዛው እያንዳንዱን በ5,500 ብር፣ በጠቅላላው በ220,000 ብር ሲሆን 33,000 ብር ታክስም ከፍሎባቸዋል። ለማጓጓዣ፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለሌላ ወጪ 10,000 ብር ሄደ። ከዚህ ሽያጭ ያተረፈው 30,000 ብር ነው። በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ግን ያን ያህል አይሆንም። ከተቀበለው 291,200 ብር ላይ ለአስመጪው የከፈለው 253,000 ብር እና የ10,000 ብሩ ወጪ ሲነሳ 28,200 ብር ይቀራል። ከዚህ ደግሞ 6,000 ብሩ፣ ማለትም በሰበሰበው 39,000 እና በከፈለው 33,000 ብር ታክስ መካከል ያለው ልዩነት፣ የመንግሥት ነው። ስለዚህ በእጁ ያለው የራሱ ገንዘብ 22,200 ብር ብቻ ነው። ከ30,000 ብር ትርፉ ላይ የጎደለው 7,800 ብር በገቢዎች ዘንድ በስሙ ተቀምጧል።

የድርጅት የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ ከ30,000 ብሩ ትርፍ ላይ የሚጠበቅበት ግብር 9,000 ብር ነው። ተቀናሹ 7,800 ብር ሲታሰብለት ዓመታዊ ግብሩን ሲያስታውቅ የሚጨምረው 1,200 ብር ብቻ ይሆናል። የተቀነሰበትን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ካልያዘ ግን 9,000 ብሩን እንደገና ከኪሱ ያወጣል። ያኔ ከ30,000 ብር ትርፉ ላይ 16,800 ብር ለግብር ወጣ ማለት ነው፤ ከግማሽ በላይ። የተቀናሽ ደረሰኙ እንግዲህ በዚህ ምሳሌ 7,800 ብር የሚያወጣ ወረቀት ነው፤ እንደ ቼክ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ደረሰኙን የመስጠት ግዴታ የገዢው ነው። ተከታታይ ቁጥር ያለው ይህ ደረሰኝ የሁለቱን ወገኖች ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሽያጭ ደረሰኙን ቁጥርና ቀን፣ ተቀናሹ የታሰበበትን ዋጋ እና የተቀነሰውን ብር ይይዛል። አቅራቢው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን ሊጥልበት የሚገባው የመለያ ቁጥሩ ላይ ነው። ቲን ነምበር አሥር አሃዝ አለው፤ አንዷ አሃዝ ከተሳሳተች ተቀናሹ በእርሱ ስም አይመዘገብለትም። ስሕተቱ ደግሞ በዚያው ዕለት ካልታየ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ዓመታዊ ሒሳቡ ሲቀርብ ነው። በዚያን ጊዜ ደረሰኙን የጻፈው ሠራተኛ ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል።

ገዢው የቀነሰውን ገንዘብ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለገቢዎች ማስገባት አለበት። ሳይቀንስ ቢከፍልም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ያልቀነሰውን ግብር ከመክፈል በተጨማሪ መያዝ ከነበረበት ግብር 10 በመቶ ይቀጣል። ገንዘብ ያዦች «እንዳትቀንሱብኝ» ብሎ የሚለምናቸውን አቅራቢ የማይሰሙት ለዚህ ነው፤ ሊወቀሱም አይገባም።

መለያ ቁጥሩን ላላቀረበ አቅራቢ ሕጉ የበለጠ ይከብዳል። በ2008ቱ አዋጅ ቲን ነምበር ያልሰጠ ሻጭ ይያዝበት የነበረው 2 በመቶ ሳይሆን 30 በመቶ ነው። ከ260,000 ብር ላይ 78,000 ብር ማለት ነው፤ በምሳሌያችን ካለው ትርፍ ከእጥፍ በላይ። የግዥ ክፍሎች ከፕሮፎርማው ጋር የንግድ ፈቃድና የመለያ ቁጥር ቅጂ አምጡ እያሉ የሚወተውቱት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥማቸዋል። ታክሱን ይዘው እንዲያስቀሩ የታዘዙ ገዢዎች ከገቢ ግብሩ ተቀናሽ ሌላ ከተጨማሪ እሴት ታክሱም ላይ ይይዛሉ። ያኔ ባንክ የሚገባው ገንዘብ በእጅጉ ያንሳል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው፦ አንደኛው ከዓመታዊ የገቢ ግብር ላይ ይታሰባል፣ ሌላኛው ደግሞ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ ማስታወቂያ ላይ። ደረሰኛቸውም ለየብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ፋይል ቀላቅሎ የሚያስቀምጥ ነጋዴ አንዱን በሌላው ቦታ አቅርቦ ውድቅ ሲደረግበት ይታያል።

ጊዜውም መታየት አለበት። በሰኔ መጨረሻ የተሸጠ ዕቃ ክፍያው በሐምሌ ከመጣ ሽያጩ ባለፈው የበጀት ዓመት ገቢ ውስጥ ሲገባ የተቀናሽ ደረሰኙ የአዲሱ ዓመት ቀን ይይዛል። እንዲህ ያሉ ደረሰኞች ከሽያጭ ደረሰኛቸው ጋር ተያይዘው ለብቻ ካልተቀመጡ በሁለት ዓመት መካከል ወድቀው ይቀራሉ። ትርፉ ስስ የሆነ ነጋዴ ደግሞ በዓመቱ የተያዘበት ድምር ከሚጠበቅበት ግብር ሊበልጥ ይችላል። ሕጉ ብልጫው እንዲቻቻልለት ወይም እንዲመለስለት መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ጥያቄው የሚሰማው ግን ደረሰኞቹ ተሟልተው ሲቀርቡ ነው።

የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያስታውቁት ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ዕቃ አቅራቢ የሆነ አንባቢ እስከዚያ አይጠብቅ። ክፍያው ባንክ በገባበት ሳምንት የተቀናሽ ደረሰኙን ይውሰድ፣ የመለያ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ያመሳክር፣ የተቀነሰውንም ብር ለ0.03 አካፍሎ ይመልከት። ስሕተት ካገኘ ገዢው የወሩን ተቀናሽ ለገቢዎች ከማሳወቁ በፊት ያስታርም።