ከተከፈለ በኋላ ውድቅ የሚሆን ወጪ

አንድ አገር በቀል ድርጅት የፕሮጀክቱ ዘመን ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመሣሪያ መደብ ላይ የተረፈውን ገንዘብ ሳይመለስበት ሊጠቀምበት ወሰነ እንበል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ተመረጠ፤ ስድስት ላፕቶፕ ታዘዘ፤ ገንዘቡም በዚያው ሳምንት በቼክ ተከፈለ። ደረሰኙ ሕጋዊ ነው፤ የግዢው ሥርዓትም የሚነቀፍበት ነገር የለም። ዕቃው ቢሮ የደረሰው ግን ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ገንዘብ ሰጪው የአውሮፓ ኅብረት ከሆነ፣ ሒሳቡን የሚመረምረው ባለሙያ ይህን ወጪ ውድቅ ማድረግ ይችላል። ድርጅቱም የላፕቶፖቹን ዋጋ ከራሱ ኪስ ለመሸፈን ይገደዳል።

ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች በዚህ ይደነግጣሉ። ገንዘቡ በፕሮጀክቱ ዘመን ውስጥ ወጥቷል፣ ታዲያ ምን ጎደለ? መልሱ የውሉ አባሪ 2 ከሆነው አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች ውስጥ፣ ተቀባይነት ስላላቸው ወጪዎች በሚናገረው አንቀጽ 14 ላይ ይገኛል። አንቀጹ የሚጠይቀው ገንዘቡ መቼ ተከፈለ ብሎ አይደለም። ዕቃ ከሆነ በትግበራ ዘመኑ ውስጥ ቀርቦ መተከል፣ አገልግሎት ከሆነ በዚያው ዘመን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከዘመኑ በኋላ ለሚመጣ ዕቃ በዘመኑ ውስጥ ውል መፈረም ወይም ማዘዝ ብቻውን አይበቃም።

የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው። በፕሮጀክቱ የመጨረሻ ሳምንት የተሰጠ ሥልጠና የአዳራሽ ኪራዩ ሳይከፈል ቢቀር፣ ሥራው በጊዜው ተሠርቷልና ወጪው ተቀባይነት አለው። የመጨረሻው ሪፖርት ከመላኩ በፊት መክፈል ይቻላል። ካልተቻለም ያልተከፈለው ሒሳብ መቼ እንደሚከፈል ተገልጾ በሪፖርቱ ውስጥ ይዘረዘራል። የመጨረሻውን ሪፖርት የማዘጋጀት፣ የኦዲትና የማጠቃለያ ግምገማ ወጪዎች ደግሞ ከዘመኑ በኋላ ቢወጡም የሚፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ውሉ ቢሮ ሲደርስ ነው። ውሉን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሥራውን መግለጫ የፕሮግራም ክፍሉ ይወስዳል፤ ለፋይናንስ ኦፊሰሩ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የበጀቱ የኤክሴል ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ስንት እንደተፈቀደ ይናገራል፤ በምን ሁኔታ እንደተፈቀደ ግን አይናገርም። ያ ያለው አባሪ 2 ውስጥ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን ያገኘው በሌላ ትልቅ ድርጅት በኩል ከሆነ እነዚያው ግዴታዎች ወደ እሱ ይወርዳሉ፤ የሪፖርት ቀኑም አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ ትልቁ ድርጅት የሁሉንም ሰብስቦ ለራሱ ቀነ ገደብ መድረስ አለበትና።

ቀኑ ከተጠበቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ወጪው በየትኛው መደብ ላይ እንደሚውል ነው። በኅብረቱ የበጀት ቅጽ ላይ ወጪዎች በትልልቅ ርዕሶች ይከፈላሉ፤ የሰው ኃይል፣ ጉዞ፣ መሣሪያና አቅርቦት፣ የአካባቢ ቢሮ፣ ሌሎች ወጪዎችና አገልግሎቶች እያሉ ይቀጥላሉ። በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ዝርዝር መደቦች አሉ። በአንድ ርዕስ ሥር ባሉ መደቦች መካከል ማሸጋሸግ፣ የፕሮጀክቱን ዓላማ እስካልነካ ድረስ፣ ብዙ አያስቸግርም። ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን የ25 በመቶ ወሰን ይመጣል።

ይህን ወሰን በተሳሳተ መንገድ የሚያሰሉት ብዙዎች ናቸው። በደቡብ ወሎ የሴቶችን የቁጠባ ቡድኖች የሚያሠለጥን ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ለጉዞ የተያዘለት 12,000 ዩሮ፣ ሥልጠናው ለተመደበበት ለሌሎች ወጪዎችና አገልግሎቶች ርዕስ ደግሞ 60,000 ዩሮ ነው። ነዳጅ ተወደደና 5,000 ዩሮ ከሥልጠና ወደ ጉዞ ማዛወር ፈለገ። ኦፊሰሩ 5,000 ለ60,000 አካፍሎ ከ9 በመቶ እንደማይበልጥ አየና ምንም ችግር የለም ብሎ አሳለፈው። ስሌቱ ግን ለሚነካው ርዕስ ሁሉ መሠራት አለበት። ለጉዞው ሲሠራ 5,000 የ12,000 ወደ 42 በመቶ ነው፤ ከወሰኑ በእጅጉ አልፏል። ድርጅቱ በራሱ ሥልጣን ማዛወር የሚችለው 3,000 ዩሮ ብቻ ነበር፤ ያንንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በላይ ላለው የውል ማሻሻያ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ማሻሻያው ይጸናል ከተባለበት ቀን 30 ቀን አስቀድሞ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ትንሽ በጀት ያለው ርዕስ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከትልቁ ርዕስ የተቆነጠረው ትንሹን ያጥለቀልቀዋል። ሁለት ርዕሶች ደግሞ በዚህ መንገድ ጨርሶ አይነኩም፤ ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎችና የመጠባበቂያው ገንዘብ።

ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች የሚባሉት ለአንድ ፕሮጀክት ለይቶ ማስላት የሚያስቸግሩ የዋና ቢሮ ወጪዎች ናቸው፤ ኅብረቱ ከቀጥተኛ ወጪዎች እስከ 7 በመቶ ድረስ በጥቅል ይከፍልላቸዋል። ይህን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከሚያስቀምጠው የ20 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ጋር የሚያምታቱ አሉ። አዋጁ የሚመለከተው የድርጅቱን ጠቅላላ ገቢ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው መከበር አለባቸው፤ አንዱ ተከበረ ማለት ሌላው ተከበረ ማለት አይደለም። የዋና ቢሮ ኪራይ በ7 በመቶው ውስጥ ከታሰበ ደግሞ በአካባቢ ቢሮ ርዕስ ሥር እንደገና መጻፍ አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

ወጪው በትክክለኛው ቀንና በትክክለኛው መደብ ላይ ቢውልም ማስረጃው መናገር አለበት። ሦስት ቀን በፈጀ ሥልጠና ላይ ሠላሳ ሰው ምሳ እንደበላ ደረሰኙ ሲናገር፣ በሁለተኛው ቀን የፈረሙት ሃያ ስድስት ብቻ ከሆኑ መርማሪው የአራቱን ሰው ምሳ ይቀንሳል። ለፕሮጀክቱ 60 በመቶ ጊዜውን የሚሠራ ሠራተኛ ሙሉ ደመወዙ ከፕሮጀክቱ የወጣ እንደሆነ፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ቅጽ ራሱ ይመሰክርበታል። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ደግሞ ሕጋዊ የደመወዝ ወጪ ነው። በጀት ሲወጣ ተዘንግቶ ከሆነ ደመወዙ ከመደቡ በላይ ይሆናል፤ ጉድለቱም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ ሒሳብ ያሳሳተው የምንዛሬው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብሩን በገበያ ለሚወሰን ምንዛሬ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀታቸው በዩሮ፣ ወጪያቸው በብር የሆነ ድርጅቶች በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሁለት የተራራቁ ምንዛሬዎችን ይዘው ቀሩ።

ውሉ ሌላ ነገር ካላዘዘ በስተቀር፣ የብር ወጪ ወደ ዩሮ የሚመለሰው ክፍያው በድርጅቱ መዝገብ በገባበት ምንዛሬ ነው። ከላይ ያልነው ድርጅት የመጀመሪያውን 60,000 ዩሮ በ62 ብር መንዝሮ 3,720,000 ብር አስገባ እንበል። ከዚህ ገንዘብ 620,000 ብር ለሥልጠና ቢያወጣ ሪፖርት የሚያደርገው 10,000 ዩሮ ነው። ኦፊሰሩ ግን ሪፖርቱን ሲሠራ ምንዛሬው 120 ብር ደርሶ ቢሆንና በዚያ ቀን ዋጋ ቢያካፍል፣ ያው ወጪ 5,167 ዩሮ ብቻ ይሆንበታል። ወደ 4,833 ዩሮ የሚጠጋ በሐቅ የወጣ ገንዘብ ከሪፖርቱ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ፤ በሪፖርቱ ላይ የወጣው ዩሮና በባንክ የቀረው ብር በገባበት ምንዛሬ ተመልሶ ሲደመሩ ከተቀበሉት ዩሮ ጋር መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ አንዱ ወጪ በሌላ ምንዛሬ ተሰልቷል።

ሁለተኛው ክፍያ በ120 ብር ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያው ሥልጠና በዋጋ ንረት የተነሣ 800,000 ብር ቢፈጅ፣ በብር ሲታይ ከፍ ያለ ነው፤ በዩሮ ግን 6,667 ብቻ ነው። በብር ብቻ የሚከታተል ኦፊሰር በጀቱ አለቀ ብሎ ሥራ ሊያስቆም ይችላል፤ በእርግጥ ግን መደቡ ላይ ገንዘብ ተርፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ በመጣበት ምንዛሬ ተለይቶ፣ የቀደመው ሳያልቅ የኋለኛው ሳይነካ መመዝገብ አለበት። በምንዛሬ ለውጥ የሚደርስ ኪሳራ ተቀባይነት የሌለው ወጪ ነው፤ ውሉ ግን ያልተለመደ የምንዛሬ መዋዠቅ ሲያጋጥም ሁለቱ ወገኖች ተመካክረው ሥራውን ለማሻሻል እንዲነጋገሩ በር ይከፍታል። በዚያ በር ለመግባት መጻፍ የሚያስፈልገው ለውጡ በታየበት ወር ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ማብራሪያ ያለፈ ወጪን አያድንም።

ሪፖርቱም ከቀጣዩ ክፍያ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ ውል ቀጣዩ ቅድመ ክፍያ ሙሉ ለሙሉ የሚለቀቀው ካለፈው ክፍያ ቢያንስ 70 በመቶው ሥራ ላይ ሲውል ነው። ድርጅቱ ከ60,000 ዩሮ ውስጥ 36,000 ብቻ ካሳየ፣ 70 በመቶው 42,000 ስለሆነ፣ የጎደለው 6,000 ዩሮ ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ከላይ ያየነው የምንዛሬ ስሕተት እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው፤ ወጪው ወጥቶ ሳለ በሪፖርቱ ላይ አንሶ ከታየ ለሥልጠናና ለደመወዝ የታሰበው ገንዘብ ይዘገያል።

የመጨረሻው ሪፖርት፣ የሥራውም የሒሳቡም በአንድነት፣ የሚጠበቀው የትግበራ ዘመኑ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ የውሉ ዋና ተጠሪ ዋና መሥሪያ ቤት ሥራው በሚካሄድበት አገር ከሌለ ጊዜው ወደ ስድስት ወር ይረዝማል። የበጀት ሠንጠረዡ የመጨረሻውን ዓምድ ሞልቶ ከተላከ በኋላም ሰነዶቹ፣ የፊርማ ዝርዝሮቹና የዕቃ ገቢ ደረሰኞቹን ጨምሮ፣ ቀሪው ሒሳብ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት መቀመጥ አለባቸው።