ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል፦ ሦስት ክፍልፋዮች፣ ሦስት ዓይነት መቋረጥ

እነዚህን ሦስት ክፍልፋዮች እንመልከት።

(x² − 4) / (x − 2)

|x² − 4| / (x − 2)

(x² − 4) / (x − 2)²

በሦስቱም ውስጥ በ x ቦታ 2ን ብንተካ ላዕሉም ታህቱም ዜሮ ይሆናል። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሦስቱም ፈንክሽኖች 2 ላይ ዋጋ የላቸውም፤ ግራፋቸውም እዚያ ላይ ይቋረጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ታህቱ ዜሮ ከሆነ ግራፉ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይመነጠቃል» ብሎ ይደመድማል። ይህ አባባል ግን ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው።

የመቋረጡን ዓይነት ለማወቅ ነጥቡን ትተን ዙሪያውን ማየት አለብን። ወደ 2 የምንጠጋው በሁለት አቅጣጫ ነው፤ ከ2 በሚያንሱ ቁጥሮች ከግራ፣ ከ2 በሚበልጡ ቁጥሮች ደግሞ ከቀኝ። በአንድ ጎን ስንጠጋ የፈንክሽኑ ዋጋ የሚያመራበት ቁጥር የዚያ ጎን ሊሚት ይባላል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። x 1.9 ሲሆን ዋጋው 3.9፣ 1.99 ሲሆን 3.99 ነው። ከቀኝ ስንመጣ በ2.1 ላይ 4.1፣ በ2.01 ላይ 4.01 እናገኛለን። ሁለቱም ጎኖች የሚያመሩት ወደ 4 ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ x² − 4 ማለት (x − 2)(x + 2) ስለሆነ፣ ከ2 ውጭ ባለ ቦታ ሁሉ (x − 2) ከላይም ከታችም ይጣፋና x + 2 ብቻ ይቀራል። ግራፉ እንግዲህ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የጎደለችው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። «2 ላይ ዋጋው 4 ይሁን» ብለን ብንወስን መስመሩ ይገጥማል። የሁለቱ ጎን ሊሚቶች እኩል ሆነው ሲገኙ መቋረጡ ሊወገድ የሚችል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚለየው ላዕሉ ፍጹም ዋጋ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በ1.99 ላይ ላዕሉ 0.0399፣ ታህቱ −0.01 ነው፤ ስናካፍል −3.99 ይመጣል። በ2.01 ላይ ግን 4.01 እናገኛለን። የግራው ሊሚት −4፣ የቀኙ 4 ነው። ሁለቱም የታወቁ ቁጥሮች ናቸው፤ ነገር ግን አይገናኙም፤ በመካከላቸው የ8 ርቀት አለ። 2 ላይ የፈለግነውን ቁጥር ብናስቀምጥ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ልናስታርቅ አንችልም። ይህ ዝላይ ይባላል።

በሦስተኛው ታህቱ በካሬ ስላለ አንዱ (x − 2) ተጣፍቶም ሌላው ይቀራል፤ የሚተርፈው (x + 2)/(x − 2) ነው። በ1.9 ላይ −39፣ በ1.99 ላይ −399፤ በ2.1 ላይ 41፣ በ2.01 ላይ 401። በግራ በኩል ወደ ታች፣ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ያለ ገደብ ይሄዳል። ይህ የኢንፊኒቲ መቋረጥ ነው። ለዚህ ስም ሁለቱም ጎኖች መመንጠቅ የለባቸውም፤ አንዱ ይበቃል። e^(1/x) ወደ 0 ከግራ ሲጠጋ ዝም ብሎ ወደ 0 ይወርዳል፤ ከቀኝ ግን ያለ ገደብ ያድጋል። ስለዚህ እሱም የሚመደበው ከዚሁ ጋር ነው።

ኮምፒውተር የሚስለውን ግራፍ አምኖ መፍረድ አደጋ አለው። የመጀመሪያው ክፍልፋይ በስክሪን ላይ ምንም ያልጎደለው መስመር መስሎ ይታያል፤ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ዓይን አያያትም። ዝላዩንና ኢንፊኒቲውንም አንዳንድ ፕሮግራሞች በቁም መስመር አያይዘው ስለሚስሏቸው የተያያዙ ያስመስሏቸዋል።

የቁጥር ሠንጠረዥም ቢሆን ያታልላል። sin(π/x)ን በ0.1፣ በ0.01 እና በ0.001 ላይ ብናሰላው ሁልጊዜ 0 ይመጣል፤ «ከቀኝ ያለው ሊሚት 0 ነው» ለማለት ያጓጓል። በ0.4፣ በ0.08 እና በ0.016 ላይ ስናሰላው ግን ሁልጊዜ 1 ነው። ወደ 0 በተጠጋን ቁጥር ፈንክሽኑ በ−1 እና በ1 መካከል ይበልጥ እየፈጠነ ይዋዥቃል፤ ወደ አንድ ቁጥርም ሆነ ወደ ኢንፊኒቲ አያመራም። ይህ ከሦስቱ ምድቦች በአንዱም አይገባም።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ለመገመት ተጠቀሙበት፤ ፍርዱን ግን በአልጀብራ ስጡ። መጀመሪያ የሚጣፋውን አጣፉ፣ ፍጹም ዋጋ ካለ በግራና በቀኝ ምልክቱን ለይታችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱን ሊሚቶች ለየብቻ አስሉ።