የትርፍ ሰዓቴ የት ገባ?

የወር መጨረሻ ላይ የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሒሳብ ክፍል የሚመጣ ሠራተኛ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ያን ሁሉ ሰዓት ሠርቼ የተጨመረልኝ ይቺ ብቻ ናት?» መልሱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበልና ትርፍ ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ቢደመሩም የሚቀነስባቸው ግን በየራሳቸው ደንብ ነው።

በአንድ የግል ፋብሪካ የሚሠራ ሰው እንውሰድ። መሠረታዊ ደመወዙ 12,480 ብር ነው። የቤት አበል 1,500፣ የትራንስፖርት አበል ደግሞ 1,000 ብር ያገኛል። በወሩ ውስጥ በሥራ ቀን ማምሻውን 8 ሰዓት፣ በዕረፍት ቀኑ በእሑድ ደግሞ 6 ሰዓት ተጨማሪ ሠርቷል።

መጀመሪያ የሚፈለገው የአንድ ሰዓት ዋጋው ነው። መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ስለሆነ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 12,480 ለ208 ሲካፈል 60 ብር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ያዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ የማምሻው 8 ሰዓት 720 ብር፣ የእሑዱ 6 ሰዓትም 720 ብር፣ በድምሩ 1,440 ብር ይሆናል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በ208 ፈንታ በ240 ያካፍላል፤ 30 ቀን ሲባዛ በ8 ሰዓት መሆኑ ነው። ዕረፍት ቀኖቹን ጭምር እንደ ሥራ ቀን መቁጠር ስለሆነ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 52 ብር ይወርድና ሠራተኛው በዚህ ወር ብቻ 192 ብር ያጣል።

ሁሉም ሲደመር ጥቅል ክፍያው 16,420 ብር ነው። ግብር የሚሰላው ግን በዚህ ሁሉ ላይ አይደለም። የቤት አበሉና ትርፍ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ግብር ይከፈልባቸዋል። ከትራንስፖርት አበሉ ግን በመመሪያ የተወሰነው ጣሪያ ድረስ ያለው ነፃ ነው፤ ለምሳሌያችን 600 ብሩ ነፃ ነው እንበል። የሚቀረው 15,820 ብር ነው።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለ የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 1395/2017) የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጥሎ ያለው 2,000 በ15 በመቶ፣ ከዚያ 3,000ው በ20፣ ሌላው 3,000 በ25፣ ቀጣዩ 4,000 በ30፣ ከ14,000 በላይ ያለው ብቻ በ35 በመቶ ይሰላል። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን በአንድ መስመር ያሳጥሩታል፦ 15,820 በ35 በመቶ ተባዝቶ 5,537፣ ከዚያ 2,050 ተቀንሶ 3,487 ብር። ይህ 2,050 ብር የመንግሥት ቸርነት አይደለም፤ የታችኞቹ እርከኖች በዝቅተኛ ምጣኔ መሰላታቸውን ማስተካከያ ነው። ስለዚህ «ትርፍ ሰዓት ከሠራሁ እርከን እዘልና ደመወዜ ሁሉ በ35 ይቆረጣል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። የሠራተኛችን ግብር ያለ ትርፍ ሰዓቱ 2,983 ብር ይሆን ነበር። የጨመረው 504 ብር ሲሆን፣ ከ1,440ው ውስጥ 936 ብር ኪሱ ይገባል። ጥያቄው የተነሣበት «ይቺ ብቻ» ይኸው ነው።

ጡረታው በሌላ መንገድ ይሄዳል። 7 በመቶው የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ስለሆነ 873.60 ብር ነው፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,372.80 ብር ይጨምራል። ከ16,420ው ላይ 3,487ና 873.60 ሲነሣ የተጣራ ደመወዙ 12,059.40 ብር ይሆናል። የብድር ወይም የማኅበር መዋጮ ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

ስሕተት የሚበዛው እዚሁ ጡረታው ጋ ነው። ከጥቅል ክፍያው 7 በመቶ የቆረጠ ሰው 1,149.40 ብር ወስዷል፤ ሠራተኛው 275.80 ብር አላግባብ ተቀንሶበታል ማለት ነው። በተቃራኒው ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር የሚያሰላም አለ። ያኔ ግብሩ በ305.76 ብር ያንሳል፤ ሠራተኛው ቢደሰትም የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ከግብሩ በፊት የማይቀነስ በመሆኑ ጉድለቱ በኦዲት ጊዜ ድርጅቱን ይጠብቀዋል። የድሮው የኤክሴል ቅጽ ያልተቀየረበት ቢሮም አለ። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከ35 በመቶው ላይ የሚቀነሰው 1,500 ስለነበር የዚህ ሰው ግብር 4,037 ይወጣል፤ 550 ብር ብልጫ አለው። ከፍተኛ ደመወዝተኛ ከሆኑ ወረቀትዎ ላይ ከሚሰላው ገቢ 35 በመቶውን ያውጡና የተቆረጠውን ግብር ይቀንሱለት፤ ልዩነቱ 2,050 ካልመጣ የሒሳብ ክፍሉን በር ያንኳኩ።