ፔሮሉ የሚያውቀው ቤተሰብ

ብዙ ዓመት ደሞዝ ስሠራ ኖሬያለሁ። ፔሮል የሚባለው ወረቀት ለአብዛኛው ሠራተኛ ከታች ያለች አንዲት ቁጥር ናት፤ የተጣራ ተከፋይ። እኔ ግን መሀል ላይ ያሉትን ዓምዶች እወዳለሁ። እያንዳንዱ ዓምድ ከጀርባው ሕግ አለው፤ ሕጉም ማንን እንደሚያውቅና ማንን እንደማያውቅ ለይቶ ይናገራል። ከሁሉም በላይ በተሳሳተ መንገድ ሲወራበት የምሰማው የማኅበራዊ ጤና መድን ዓምድ ነው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። አዋጁ ቁጥር 690/2002፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 271/2005 ነው። ሠራተኛው ከጠቅላላ የወር ደሞዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 ከመቶ ያዋጣሉ። ጡረተኛ ከአበሉ 1 ከመቶ ይቆረጥበታል፣ 1 ከመቶ ይጨመርለታል። አባልነቱ ግዴታ ነው። በ2006 መጨረሻ ሊጀመር ታስቦ ተራዘመ፤ አዋጁ አሥረኛ ዓመቱን ሲያልፍ እንኳ መቆረጥ አልተጀመረም ነበር። ሠራተኛው ያጉረመረመው በደሞዙ ማነስና በመንግሥት ጤና ተቋማት የመድኃኒት እጥረት ነበር፤ ሁለቱም ተገቢ ቅሬታዎች ናቸው። ለንጽጽር ያህል፣ በሩዋንዳ የመንግሥት ሠራተኛው 7.5፣ አሠሪው 7.5 ከመቶ ነው የሚያዋጡት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ውርጌሳ ላይ ከአንድ መምህር ጋር ቡና እየጠጣን ይህን ነገር ስናነሳ፣ ሲኒውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ የሚቆረጠው ለቤተሰብ ነው አይደል? እንግዲያው እናቴ ትታከማለች ማለት ነው» አለኝ። እናቱ ከመርሳ ወዲያ ገጠር ናቸው፤ ዘይቱንም ሳሙናውንም የሚልክላቸው እሱ ነው። አትታከምም ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩት። አላመነኝም። ቤተሰብ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ እናትን ትቶ አያውቅማ።

አዋጁ ውስጥ ግን ቤተሰብ የአባሉ ባል ወይም ሚስት፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ልጆች ናቸው። እናት የሉበትም፣ አባት የሉበትም። አክስቷ ቤት መጥታ እየተማረች ያለችውም የእህት ልጅ፣ በጉዲፈቻ ሕግ ልጅ ካልተደረገች በቀር፣ የለችበትም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የፔሮል ሠራተኛውን ይቆጣል። እባካችሁ እሱን ተዉት፤ ትርጉሙን ያወጣው እሱ አይደለም።

የመምህሩን ቤት በቁጥር እንየው። ደሞዙ ለስሌት እንዲመች 10,000 ብር ይሁን። ከእሱ 300፣ ከአሠሪው 300፣ በወር 600፣ በዓመት 7,200 ብር ለመድኑ ይገባል። ሚስት አለችው፤ ልጆቹ የ19፣ የ14 እና የ6 ዓመት ናቸው። በመድኑ የሚታከሙት እሱ፣ ሚስቱና ሁለቱ ትንንሾች ናቸው። መዋጮው በልጅ ቁጥር አይጨምርም፤ ያላገባው የሥራ ባልደረባውም በዚያው ደሞዝ ያንኑ 300 ብር ያዋጣል። ላጤው ተበደልኩ ይል ይሆናል። እኔ ግን መድን መድን የሚሆነው በዚህ ነው እላለሁ፤ ነገ ሲያገባና ሲወልድም አንድ ብር አይጨመርበትም። ሚስትየዋም ደሞዝተኛ ብትሆን ኖሮ ከእሷም 3 ከመቶ ይቆረጣል፤ በባሌ እታከማለሁ ብላ መቅረት አትችልም።

የ19 ዓመቷ ልጅ ነገር ብዙ ወላጅ ያልጠበቀው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ገንዘብ የሚልክላት አባቷ ነው፣ እንደ ቤተሰብነቷ ምንም አልተለወጠም። ለመድኑ ግን 18 ዓመት በሞላት ዕለት ከአባቷ ወጥታለች። ግቢ ውስጥ ሳለች በተማሪዎች ክሊኒክ ትታያለች፤ ክረምት ውርጌሳ ስትመጣ ወባ ቢይዛት ግን ከኪስ ነው።

ስለዚህ ዕድሜ ተራ ነገር አይደለም። አገራችን የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የተጻፈለት ነው። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ቶሎ እንዲገባለት ዓመት ጨምሮ ያስጽፋል። እንዲህ ያለውን ቅጽ በእጄ ስሞላ ታላቅና ታናሽ በአራት ወር ልዩነት ተወልደው አግኝቻለሁ። የጨመራችሁት ዓመት ኋላ ልጁን ከመድን በአንድ ዓመት ቀድሞ ያስወጣዋል። የልደት ካርዱን አሁኑኑ አውጡ፤ ትክክለኛውን ቀን አስጽፉ።

ወደ እናት ልመለስ፤ እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ያው ፔሮል ላይ፣ ከጎኑ ያለው ዓምድ ጡረታ ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ። የጡረታ ሕጉ አባሉ ሲሞት ተተኪ የሚላቸው ባል ወይም ሚስትንና ልጆችን ብቻ አይደለም፤ በሟቹ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆችንም ይቆጥራል። እንግዲህ አንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ሰው ስም ትይዩ፣ አንዱ ዓምድ እናቱን ያውቃል፣ ሌላው አያውቃትም። ለዚያውም የሚያውቃት ልጇ ሲሞት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አረጋዊ ብዙ ይታመማል፣ ወላጅ ቢጨመር 3 ከመቶው አይበቃም። ቢሆንም ጥቂት ጨምሮ ወላጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ሠራተኛ በሩ ሊከፈትለት ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

ሌላው ቅር የሚያሰኘው የማይሸፈነው ዝርዝር ነው፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውጭ አገር ሕክምና። የመኪና አደጋና በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትም በዚህ መድን አይታከምም። ከደሴ ወልድያ የሚበርረው መኪና መሀሏን ሰንጥቆ ለሚያልፍባት ውርጌሳ ይህ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለሥራው ጉዳት አሠሪው ከፋይ ሆነው ተቀምጠዋል። አንድ ጉዳት ሁለት ቦታ እንዳይከፈልበት ነው።

ለመምህሩ የነገርኩት ይህን ነው። እናትህ በአንተ ፔሮል አይታከሙም፤ የራሳቸው ጎጆ ግን አላቸው። ለገበሬውና ደሞዝ ለሌለው ሰው የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘግበው በቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ በ2003 በሙከራ ከጀመሩት የክልላችን ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ታች ያለው ተሁለደሬ ነበር። እሳቸው በቀበሌያቸው በራሳቸው ስም እማወራ ሆነው ይመዘገባሉ፤ የዓመቱን መዋጮ አንተ ትልካለህ። መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ቀበሌው ለይቶ መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ሲታመሙ ሮጦ መክፈል አያሳክምም፤ የምዝገባውና የእድሳቱ ጊዜ ካለፈ የሚጠበቀው ቀጣዩ ዙር ነው። እናት ገጠር ያላችሁ ደሞዝተኞች፣ ሰብል ከገባ በኋላ ቀበሌ ደውላችሁ የእሳቸው ደብተር መታደሱን ጠይቁ።